ውዝፍ ፋይል ከሚጠናቀቀው በላይ ለምን ይበዛል? ለቡድን መሪ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች የባለጉዳይ ፋይል እየተቀበለ የሚያስተናግድ ቡድን ለሚመራ ሰው የተዘጋጀ ነው። ለማሳያነት የተወሰደው አንድ የወረዳ የገጠር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ የሚታየውም የይዞታ ዝውውር ሥራ ነው፤ ይኸውም አባት ለልጁ በስጦታ የሚያስተላልፈው፣ ወራሾችም በፍርድ ቤት ከተረጋገጡ በኋላ በስማቸው የሚያዞሩት መሬት ፋይል ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ቡድን መሪው በእነርሱ ምትክ የራሱን ቡድን ቁጥር ማስገባት ይኖርበታል።

ውዝፍ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የሰው ኃይል እጥረት ነው። እጥረቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ ያው ሆነው፣ የሚቀርበው አቤቱታም ሳይጨምር፣ ውዝፉ ብቻ በየሳምንቱ ለምን እንደሚያድግ አይገልጽም። ለዚህ መልስ የሚገኘው ሥራ የሚጠብቅ ፋይል ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አለመሆኑን ሲረዱ ነው። የሚጠብቅ ፋይል በየሳምንቱ የባለሙያ ሰዓት ይወስዳል።

ውዝፉ ራሱ ሥራ ይወልዳል

ቡድኑ አራት ባለሙያዎች አሉት እንበል። ስብሰባው፣ ሪፖርቱና የመስክ ጉዞው ከተቀነሰ በኋላ አንድ ባለሙያ በሳምንት 28 ሰዓት ለፋይል ሥራ ይተርፈዋል፤ የአራቱ ድምር 112 ሰዓት ይሆናል። በሳምንት 50 አዲስ ፋይል ይገባል፤ አንዱን ለመጨረስ በአማካይ 2 ሰዓት ይፈጃል። ከ50ዎቹ ውስጥ 10ሩ ማስረጃቸው ሳይሟላ ስለሚገኝ ወደ ባለጉዳዩ ይመለሳሉ፤ ተሟልተው ሲመጡም እንደገና ለማንበብና ለማገናዘብ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ 1 ሰዓት ይወስዳሉ። ስለዚህ የሳምንቱ ሥራ 110 ሰዓት ነው። ካለው 112 ሰዓት 2 ሰዓት ይተርፋል፤ ቡድኑም ሥራውን በሥራው ጊዜ እየጨረሰ ይኖራል።

ጥር ሲገባ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይጀመራል። ከአራቱ ባለሙያዎች ሁለቱ ለሦስት ሳምንት ወደ ቀበሌ ይወጣሉ። በእነዚህ ሳምንታት ቡድኑ በ56 ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ፣ ዘመቻው ሲያበቃ 80 ገደማ ፋይል ተወዝፎ ይገኛል። ብዙ ቡድን መሪዎች በዚህ ጊዜ «ሰዎቻችን ተመልሰዋል፣ ቀስ በቀስ ይስተካከላል» ብለው ያስባሉ። አይስተካከልም።

ምክንያቱን በመስኮቱ አጠገብ የቆመ ሰው በቀላሉ ያየዋል። ከጀማ ሸለቆ ሽቅብ ወጥተው የመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ የእኔ ነገር ከምን ደረሰ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለሙያዋ የያዘችውን ፋይል አቁማ «አባባ፣ ስምዎ ማን ነው? ቀበሌዎስ?» ትላለች፤ መዝገቡን ትገልጣለች፣ ፋይሉ በማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ትጠይቃለች፣ አግኝታም ገና እንዳልታየ ትነግራቸዋለች። ይህ ሁሉ 15 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። አንድ ባለጉዳይ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ቢመላለስ፣ እያንዳንዱ የሚጠብቅ ፋይል በሳምንት 7 ደቂቃ ተኩል ይበላል ማለት ነው። 80 ፋይል ሲሆን 10 ሰዓት ይሆናል። ቡድኑ ግን የነበረው ትርፍ 2 ሰዓት ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ምሕረት የለውም። በሳምንት የሚጠናቀቀው ፋይል ከ50 በታች ወርዶ 46 ገደማ ይሆናል፤ ውዝፉ በሳምንት ሦስት አራት ፋይል ይጨምራል። የጨመረው ፋይል ደግሞ የራሱን ጠያቂ ይዞ ስለሚመጣ የሚጠናቀቀው ይበልጥ ይቀንሳል። ከ12 ሳምንት በኋላ ውዝፉ 140 ገደማ ይደርሳል፤ እድገቱም በሳምንት ወደ 7 ፋይል ከፍ ይላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ባለሙያ አልሰነፈም፣ አንድም ተጨማሪ አቤቱታ አልመጣም።

እያንዳንዱ ቡድን ማወቅ ያለበት አንድ ቁጥር አለ። የሳምንቱን ትርፍ ጊዜ አንድ የሚጠብቅ ፋይል በሳምንት ለሚወስደው ጊዜ ማካፈል ነው። በምሳሌያችን 120 ደቂቃ ለ7 ተኩል ሲካፈል 16 ይሆናል። ውዝፉ ከ16 ፋይል በታች እስከሆነ ድረስ ቡድኑ በራሱ አቅም ያጸዳዋል፤ ከ16 ካለፈ ግን በየሳምንቱ እየራቀው ይሄዳል። ይህን ቁጥር ከዚህ በኋላ «የመመለሻ ወሰን» እንለዋለን። ቀጥሎ የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ ዓላማው ይህን ወሰን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም ውዝፉን ከወሰኑ በታች ማውረድ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ለምን እንደሆነ በአራተኛው ደረጃ በቁጥር ይታያል።

ደረጃ 1፦ ያለውን በትክክል መቁጠር

አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ዘግተው ከቡድኑ ጋር ፋይሎቹን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ። በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥርና በእጅ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ በመሳቢያ ውስጥ የተረሳ፣ በመስክ ቦርሳ የቀረ፣ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ተልኮ ያልተመለሰ ፋይል ይኖራል። የባለጉዳዩን ስም ከቀበሌው ጋር አያይዘው ሲያመሳክሩ ደግሞ መልስ ሲዘገይበት ሁለተኛ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ይገኛል፤ ሁለቱን ፋይል ወደ አንድ ያዋህዱ።

ከዚያ ፋይሎቹን በሦስት ክምር ይለዩ። የመጀመሪያው ማስረጃው ተሟልቶ የባለሙያ እጅ ብቻ የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ከባለጉዳዩ የሚጠበቅ ነገር ያለው ነው፤ ለምሳሌ የአሮጌው የይዞታ ደብተር ያልቀረበበት ወይም የግብር ደረሰኝ የጎደለው። ሦስተኛው በሌላ አካል እጅ ያለ ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠብቅ የወራሽነት ክርክር ወይም የቀበሌ ማረጋገጫ ያልመጣለት ፋይል ከዚህ ይመደባል። ቡድኑ ዛሬ ሊሠራው የሚችለው የመጀመሪያውን ክምር ብቻ ነው። ሦስቱ ተቀላቅለው ሲቀመጡ ባለሙያው አንድ የሚሠራ ፋይል ለማግኘት ሁለት የማይሠሩ ፋይሎችን ያነባል፤ ይህም በየቀኑ ይደገማል።

በምሳሌያችን ከ140ው ውስጥ 25ቱ ተደጋጋሚ፣ ባለጉዳዩ የተወው ወይም የክርክሩ ውሳኔ የሚጠበቅበት ሆኖ ተገኘ እንበል። እነዚህን ከሥራ ተራ ሲያወጡ በቃል አይውጡ፤ ምክንያቱን በፋይሉ ሽፋን ላይ ጽፈው፣ ለባለጉዳዩም በቀበሌው በኩል በጽሑፍ አሳውቀው፣ የጎደለው ሲሟላ በነበረበት ቀን ተራ እንደሚመለስ መግለጽ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ባለጉዳዩ «ፋይሌን ጣሉት» ብሎ ቅሬታ ያቀርባል፤ እውነትም አለው። ለሥራ የቀረው 115 ፋይል ነው።

ከቆጠራው ጎን ለጎን ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚቆይ ሌላ ምዝገባ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ባለሙያ በአንድ ወረቀት ላይ ስንት ሰው «ፋይሌ ከምን ደረሰ» ብሎ እንደጠየቀው በሰረዝ ያመልክት፤ ስንት ፋይል ጉድለት ተገኝቶበት እንደተመለሰና የጎደለው ምን እንደነበረም ይጻፍ። ባለሙያዎች ይህን እንደ ቁጥጥር እንዳያዩት ወረቀቱ ላይ የባለሙያ ስም አይጻፍበት። ሳምንቱ ሲያልቅ የመመለሻ ወሰኑን ለማስላት የሚያስፈልገው መረጃ በሙሉ በእጅዎ ነው። ሳምንቱ ግን ተራ ሳምንት ይሁን። በገጠሩ ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም ገበሬው ስለማያርስ ወደ ከተማ የሚወጣው በእነዚህ ቀናትና በገበያ ዕለት ነው፤ ሁለት በዓልና ገበያ የተደራረቡበት ሳምንት ከተመዘገበ ቁጥሩ ከልክ በላይ ይጋነናል።

ደረጃ 2፦ ጉድለት ያለበት ፋይል ከበር እንዳያልፍ ማድረግ

ማስረጃው ያልተሟላ ፋይል ተራ ይዞ ሦስት ሳምንት ከጠበቀ በኋላ ጉድለቱ ሲታወቅ ሁለት ወገን ይጎዳል። ባለሙያው ፋይሉን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ ባለጉዳዩም የጎደለውን አምጥቶ እንደገና ከተራ መጨረሻ ይቆማል። ይህ ማጣራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሁን በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀው ድካም አንድ ነው፤ ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ቀን ይምጣ።

ለየጉዳዩ ዓይነት የሚያስፈልገውን ማስረጃ በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ ለስጦታ አንድ፣ ለውርስ አንድ፣ ለኪራይ ውል አንድ። ዝርዝሩ መመሪያውን ደግሞ የሚገለብጥ አይሁን፤ በደረጃ 1 በተደረገው ምዝገባ ላይ በተደጋጋሚ ጎድለው የተገኙት ነገሮች ከላይ ይቀመጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግር የሚፈጥሩት ሁለት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስምና በመታወቂያው ላይ ያለው ስም አለመግጠም፣ የትዳር ጓደኛ ስምምነት ፊርማ መጉደል፣ የአዋሳኞች ስም አለመሟላት። የስሙ ነገር በተለይ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በደብተሩ «ወልደ ማርያም» የተባለው ሰው በመታወቂያው «ወልዴ» ተብሎ ይገኛል፤ ይህን በር ላይ ያየ ባለሙያ የቀበሌ ማስረጃ እንዲያመጣ በዚያው ቀን ይነግረዋል።

ከዚያ ፋይል የሚቀበለው ሰው በዝርዝሩ መሠረት አንድ በአንድ ሳያመሳክር ማኅተም አያድርግበት፤ የመዝገብ ቁጥርም አይስጠው። ያልተሟላውን ለባለጉዳዩ ሲመልስ የጎደለው የተመለከተበትን ወረቀት ይስጠው፤ በቃል ብቻ ከተነገረው ግማሹን በመንገድ ይረሳዋል፣ ማንበብ ለሚችል ልጁም ሊያስነብበው አይችልም። በዚህ ቦታ ልምድ ያለው ባለሙያ መመደብ ይገባል። አዲስ የተቀጠረውን ወይም ሌላ ሥራ የሌለውን መስኮት ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ መስኮት ላይ ያለፈ ስሕተት ከኋላ አራት ሰው ያደክማል።

ውጤቱን እናስላ። በሳምንት የሚመለሰው ፋይል ከ10 ወደ 3 ቢወርድ ከ10 ሰዓቱ 7ቱ ይተርፋል። መስኮቱ ላይ ለሚደረገው ተጨማሪ ማብራሪያ 2 ሰዓት ቢወጣ፣ የሳምንቱ ሥራ ከ110 ወደ 105 ሰዓት ይወርዳል። ትርፉ ከ2 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ከፍ አለ።

ማጣራቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው ምልክት በር ላይ የተመለሰው ሰው ብዛት አይደለም፤ በር ላይ ካለፈ በኋላ የሚመለሰው ፋይል ቁጥር ነው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ካልወረደ ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ባለሙያዎች በየግላቸው እየጠየቁ ነው ማለት ነው። አራቱንም አስቀምጦ አንድ ዓይነት ፋይል ማስነበብና የሚጠይቁትን ማወዳደር ጉዳዩን በአንድ ሰዓት ግልጽ ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ የጠያቂውን ምልልስ መቀነስ

ባለጉዳይ የሚመላለሰው ሥራ ፈት ስለሆነ አይደለም። መቼ እንደሚያልቅለት የነገረው ሰው ስለሌለ፣ ወይም «በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል» ስለተባለ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እንደማያልቅ እየታወቀ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ቡድኑ ራሱ በራሱ ላይ የሚጠራው ሥራ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ እውነተኛ ቀን መስጠት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በተራ ላይ ያለውን ፋይል በሳምንት ለሚጠናቀቀው ማካፈል ነው። አሜሪካዊው ጆን ሊትል በ1961 (እ.ኤ.አ.) ያረጋገጠው፣ በወረፋ ጥናት የታወቀ ሕግ ነው፤ ለባንክ ወረፋም ለሆስፒታልም ያገለግላል። 140 ፋይል ቢኖርና በሳምንት 43 ቢጠናቀቅ፣ ዛሬ የገባ ፋይል ከሦስት ሳምንት ትንሽ በላይ ይጠብቃል። ስለዚህ የአራት ሳምንት ቀጠሮ ይሰጣል። ረጅም ቢመስልም ባለጉዳዩ ከሦስት ከንቱ ጉዞ አንድ እርግጠኛ ጉዞን እንደሚመርጥ አይጠረጠርም። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ፋይሎቹ በገቡበት ቅደም ተከተል የሚታዩ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለ ቅደም ተከተሉ በኋላ እንመለስበታለን።

ቀኑ በወረቀት ተጽፎ ይሰጥ። በገጠሩ ሰው ዘንድ የወሩ ቀን የሚታወሰው በበዓሉ ስለሆነ፣ «ሚያዝያ 13» ብቻ ከማለት «ሚያዝያ 13፣ የሚካኤል ማግስት» ብሎ መጻፉ ይጠቅማል። ቀጠሮዎችን ሁሉ በገበያ ዕለት ላይ ማከማቸት ግን አይገባም፤ ባለጉዳዩ ከገበያው ጋር ማገናኘት ቢወድም፣ በአንድ ቀን 30 ሰው ከመጣ ያን ዕለት የሚሠራ ፋይል አይኖርም። ከሩቅ ቆላ ለሚመጡት የገበያው ዕለት፣ በቅርብ ላሉት ሌሎቹ ቀናት ቢከፋፈል መልካም ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የተጠናቀቁ ፋይሎችን ዝርዝር በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ቀበሌዎች መላክ ነው። የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ዝርዝሩን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጥፋል፤ ስልክ ያለው ባለጉዳይ ደግሞ አጭር መልእክት ይላክለታል። ሦስተኛው፣ ጥያቄ የሚመለስበት ሰዓት ተወስኖ በአንድ ባለሙያ ብቻ መሸፈን አለበት፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት። ሌሎቹ ሦስት ባለሙያዎች በዚያ ሰዓት ከፋይላቸው ቀና አይበሉም። የተቋረጠ ሥራ የሚያስከትለው ጉዳት ከ15ቱ ደቂቃ በላይ ነው፤ ባለሙያዋ ስትመለስ የአዋሳኞቹን ስምና የይዞታውን መለያ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ታነባለች።

አንድ የሚጠብቅ ፋይል በሳምንት የሚወስደው ጊዜ በእነዚህ እርምጃዎች ከ7 ደቂቃ ተኩል ወደ 2 ደቂቃ ቢወርድ የመመለሻ ወሰኑ ምን ይሆናል? የሳምንቱ ትርፍ 7 ሰዓት፣ ማለትም 420 ደቂቃ ነው፤ ለ2 ሲካፈል 210 ፋይል ይሆናል። ወሰኑ ከ16 ወደ 210 አደገ። በእጅ ያለው ውዝፍ 115 ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ውዝፉ አያድግም፤ አንድም ሰው ሳይጨመር በሳምንት አንድ ሁለት ፋይል እየቀነሰ ይሄዳል። አዝጋሚ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ማለቂያው ከዓመት ይርቃል። ነገር ግን አቅጣጫው ተቀይሯል፤ ለአራተኛው ደረጃ የሚያስፈልገውም ይህ ነው።

ደረጃ 4፦ የተጠራቀመውን በተዋሰ ጉልበት ማጽዳት

አሁን ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግሮ ከሌላ ቡድን ሁለት ባለሙያዎችን ለስድስት ሳምንት መዋስ ይቻላል። ጥያቄው በደብዳቤ ሲቀርብ ቁጥሩ ይጻፍበት፤ ስንት ፋይል፣ ስንት ሰዓት፣ በስንት ሳምንት። «ሥራ በዝቶብናልና ይታገዝልን» የሚል ደብዳቤ ለሁሉም ቡድን የሚስማማ ስለሆነ ማንም አይመልሰውም፣ ማንም አይፈጽመውም።

የተዋሱት ባለሙያዎች ሥራውን ስለማያውቁ በሳምንት ካላቸው 56 ሰዓት ሁለት ሦስተኛው ቢሠራላቸው ጥሩ ነው፤ ይህም ወደ 18 ፋይል ይሆናል። ክርክር የሌለባቸውን የስጦታ ፋይሎች ለእነርሱ መስጠት፣ ብዙ ወራሽ ያለባቸውን ውስብስብ ፋይሎች ግን ለነባሮቹ ማቆየት ያስፈልጋል። የቡድኑ የራሱ ቅናሽ ሲጨመርበት ውዝፉ በሳምንት 20 ገደማ ስለሚወርድ 115ቱ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሞላ ጎደል ያልቃል። የተዋሱት ሰዎች በአሮጌው ፋይል ላይ ብቻ እንጂ በዕለት ገቢው ላይ አይሠማሩ፤ ከተቀላቀለ ማን ምን እንደጨረሰ አይታወቅም፣ አዲሱም በአሮጌው ላይ ይቀድማል።

ይኸው የስድስት ሳምንት እገዛ ከደረጃ 2 እና 3 በፊት ቢመጣ ኖሮስ? ውዝፉ ከ140 ወደ 70 ገደማ ይወርዳል። በሪፖርት ላይ «በግማሽ ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል፤ ምናልባትም ምስጋና ይገኝበታል። ሆኖም የመመለሻ ወሰኑ አሁንም 16 ስለሆነ 70 ከእርሱ በላይ ነው። የተዋሱት ሰዎች በወጡ ማግስት ውዝፉ እንደገና በሳምንት 3 ፋይል ማደግ ይጀምራል፤ አራት ወር ሳይሞላም 140 ላይ ይመለሳል። የቅዳሜና የትርፍ ሰዓት ሥራ በየዓመቱ እየተደገመ ውዝፉ የማያልቅባቸው ጽሕፈት ቤቶች ችግር ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ጉልበቱ በቂ ነበር፣ የመጣበት ጊዜ ግን ቀደመ።

ደረጃ 5፦ ተራውን መጠበቅ

ውዝፍ ሲበዛ ባለሙያ ቀላሉን ፋይል መምረጥ ይጀምራል። አይወቀስም፤ የዕቅድ አፈጻጸሙ የሚለካው በተጠናቀቀ ፋይል ብዛት ከሆነ፣ አምስት ወራሽና ሁለት የተከራከረ ድንበር ያለበትን ፋይል አንሥቶ ቀኑን ሙሉ ከሚያሳልፍ አራት የስጦታ ፋይል ቢጨርስ ይሻለዋል። በዚህም ከባዱ ፋይል ከታች እየተገፋ ወራት ያስቆጥራል፤ ባለጉዳዩም ከሁሉ በላይ የሚመላለሰው ሰው እርሱ ነው። ይህን የሚያጋልጠው አንድ ቁጥር ስለሆነ በሳምንታዊው ሪፖርት ላይ ይግባ፤ ከሁሉ የቆየው ፋይል ስንት ቀን ሆነው? የሚጠናቀቀው ብዛት እያደገ የዚህ ፋይል ዕድሜም እያደገ ከሆነ ምርጫ አለ።

መፍትሔው ሁለት ደንብ ነው። አንድ ባለሙያ በጠረጴዛው ላይ ከ5 በላይ የተከፈተ ፋይል አይኑረው፤ ቀጣዩን የሚወስደውም ከመደርደሪያው ራስ ላይ እንጂ መርጦ አይደለም። አስቸኳይ የሚባል ጉዳይ በሳምንት ከሦስት አይበልጥ፤ በቡድን መሪው ፊርማ ብቻ ይለፍ። ከላይ ተደውሎ «ይህችን እዩልኝ» የሚባለው ፋይልም ከሦስቱ ውስጥ ይቆጠራል። አራተኛው ሲመጣ ከሦስቱ የትኛው እንደሚዘገይ ጠያቂውን ራሱን መጠየቅ በትሕትና የሚደረግ፣ ግን ብዙ ጥያቄ የሚያስቀር ነገር ነው።

ጥር ተመልሶ ሲመጣ

ውዝፉ ካለቀ በኋላም ቡድኑ ካለው 112 ሰዓት 105ቱን ይጠቀማል፤ ይህ 94 በመቶ ነው። ሥራ መሪዎች ይህን በጥሩ ዓይን ያዩታል፤ የወረፋ ስሌት ግን የሚለው ሌላ ነው። የዴንማርኩ መሐንዲስ አግነር ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ጥሪዎች ላይ በ1909 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት የጀመረው ይህ የስሌት ዘርፍ እንደሚያሳየው፣ ባለጉዳይ በዘፈቀደ በሚመጣበት አንድ መስኮት ላይ የሥራ ጫናው 80 በመቶ ሲሆን በአማካይ 4 ሰው ይኖራል፤ 90 በመቶ ሲሆን 9፤ 95 በመቶ ሲሆን 19። ከ90 ወደ 95 ያለችው ትንሽ ጭማሪ ብቻዋን ወረፋውን በእጥፍ ታሳድጋለች። ስለዚህ የሚተርፈው ጊዜ ሌላ ሥራ እንዲሞላበት ሲጠየቅ ቡድን መሪው በቁጥር መከራከር አለበት። ከተቻለም ከፋይሉ ጉዞ ላይ የማያስፈልግ አንድ ፊርማ ወይም አንድ ድግግሞሽ ጽሕፈት አስቀርቶ ጫናውን ወደ 85 በመቶ ቢያወርድ ይመረጣል።

የተፋሰስ ዘመቻው በሚቀጥለው ጥር ይመለሳል፤ እስከ 80 ፋይልም እንደገና ሊወዘፍ ይችላል። ልዩነቱ ወሰኑ 210 ስለሆነ ውዝፉ በራሱ አለማደጉ ነው። ነገር ግን በ80 ፋይል ላይ የሚተርፈው ጊዜ በሳምንት 4 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም 2 ፋይል ብቻ ስለሆነ፣ ቡድኑ ብቻውን ሊያጸዳው ወደ 40 ሳምንት ያስፈልገዋል፤ ያም ወደሚቀጥለው ጥር ያደርሰዋል። በመሆኑም ዝግጅቱ በኅዳር ይጀመር። በዘመቻው ሦስት ሳምንታት ውስጥ ለሚገቡ ፋይሎች የሚሰጠው ቀጠሮ ከወዲሁ ወደ መጋቢት ይገፋ፤ ለቀበሌዎች በጽሑፍ ተነግሮ መጠበቅ የሚችሉ ባለጉዳዮች ከዘመቻው በኋላ እንዲመጡ ይደረግ፤ የሁለቱ ተዋሽ ባለሙያዎች ደብዳቤም ለየካቲት ሁለተኛ ሳምንት ቀን ተቆርጦለት በኅዳር ይጻፍ። በአካባቢው በልግ በሚዘራባቸው ቀበሌዎች የካቲትና መጋቢት የእርሻ ወራት ስለሆኑ የጠያቂው ቁጥር በመጠኑ ይቀንሳል፤ የማጽዳቱ ሥራ በእነዚህ ሳምንታት ቢያዝ የመሬት ኪራይ ውል ለማስመዝገብ የሚመጣው ሰው ከክረምቱ በፊት ሲበዛ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።